ማስታወቂያ ባታወጡም፦ ሃያ ደቂቃ ስለመጠየቅ

ለመጋዘን ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ክፍት የሥራ ቦታ እንዳላወጣችሁ አውቃለሁ። ለዛሬ የምጠይቅዎት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

ላለፉት 6 ዓመታት በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ስቶክ ስቆጣጠር ቆይቻለሁ። ስጀምር አዲስ የገባው ካርቶን ከፊት ይደረደር ነበር። ለማንሳት ይቀላላ! አሮጌው ግን ከኋላ እንደተቀበረ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ድርድሩን ቀየርኩት፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይወጣል። ሦስት ወር የቀረው ካርቶን ላይ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን የምናስወግደው ዕቃ በጣም ቀንሷል።

ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልጉ መድኃኒቶች ማከፋፈል እንደጀመራችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አየሁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀመጥ ዕቃ ቀልድ አያውቅም። የጭነት መኪናው በር ተበርግዶ ሰው ወሬ ሲያወራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰልዎት! እናንተ ይህን እንዴት እንደያዛችሁት ብሰማ፣ እኔም የሠራሁትን ባሳይዎ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል፤ በስልክም ይሆናል። አሁን ቦታ ባይኖርም ግድ የለም። ሲቪዬን አያይዣለሁ፤ ስልክ ቁጥሬ እዚያ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ትዕግሥት