የፀሐይ፣ የመሬትና የጨረቃ አቀማመጥ፦ የጨረቃ መልኮችና ግርዶሽ

ሥዕል 1፦ ከሰሜን ዋልታ በላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ

```
           3
      4         2
                       <---
   5      መ      1     <---   ፀ
                       <---
      6         8
           7
```

መ መሬት፣ ፀ ፀሐይ፣ ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች ጨረቃ በአንድ ወር የምትደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ጨረቃ የምትዞረው በቁጥሮቹ ቅደም ተከተል፣ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ከ1 ተነስታ ተመልሳ ከፀሐይ ጋር ለመግጠም 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። መሬትን አንድ ሙሉ ዙር የምትዞረው ግን በ27.3 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ መሬትም ራሷ በፀሐይ ዙሪያ ስለምትጓዝ፣ ጨረቃ እንደገና ከፀሐይ ጋር ለመስተካከል ሁለት ቀን ያህል ትጨምራለች።

በስምንቱም ቦታ ላይ ለፀሐይ ፊት የሰጠው የጨረቃ ግማሽ ብሩህ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጨለማ ነው። የሚለዋወጠው ከብሩሁ ግማሽ ለእኛ የሚታየው መጠን ነው። 1 ላይ ብሩሁ ወገን ጀርባውን ይሰጠናል፤ ይህ አዲስ ጨረቃ ነው፣ አይታይም። 2 ላይ ማታ በምዕራብ በኩል ቀጭን ማጭድ ትታያለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ማጭዷ ብዙ ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ትጋደማለች፤ መጽሐፍ ላይ ቀጥ ብላ የምትሳለው ከእኛ ይልቅ ለሰሜን አገሮች ትስማማለች። 3 የመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ ነው፦ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ወጥታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አናት ላይ ሆና፣ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። 5 ሙሉ ጨረቃ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች። 7 ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ የምትወጣው የመጨረሻው ግማሽ ናት። 4 እና 6 ከግማሽ የበለጡ፣ 8 ደግሞ ንጋት ላይ የምትታየው ማጭድ ናት።

ብዙ ተማሪ ጨረቃን የሚያጎድላት የመሬት ጥላ ይመስለዋል። ይህ ስህተት ሥር ከሰደደ ግርዶሽም አይገባም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስረዱ። የመሬት ጥላ ምንጊዜም የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ፣ በቁጥር 5 አቅጣጫ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን አውጥታችሁ በቁጥር 3 ላይ ያለችውን ጨረቃ አሳዩአቸው። አንድ እጃቸውን ወደ ፀሐይ፣ ሌላውን ወደ ጨረቃ ሲዘረጉ በክንዶቻቸው መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ይሆናል። ጥላው ከጀርባቸው፣ ከአድማስ በታች ነው፤ ጨረቃዋን ሊነካት አይችልም።

ሥዕል 2፦ ከጎን ስናይ

```
ሀ)   5
           መ  - - - - - - - -  ፀ
                 1

ለ)   5     መ     1  - - - - -  ፀ
```

ሥዕል 1 ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ 1 እና 5 ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ያስመስላል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በየወሩ አንድ የፀሐይና አንድ የጨረቃ ግርዶሽ ባየን ነበር። የጨረቃ ምህዋር ግን ከመሬት ምህዋር 5 ዲግሪ ያህል ጋደል ያለ ነው። በሀ ሁኔታ ሙሉ ጨረቃ ከመሬት ጥላ በላይ ታልፋለች፤ የአዲስ ጨረቃ ጥላም ከመሬት በታች ያልፋል። ከስድስት ወር በኋላ መሬት ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትደርስ የላዩና የታቹ ይገለበጣል።

5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ በልክ ሲሠራ ግን ትንሽ አይደለም። መሬት 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሎሚ ትሁን። ጨረቃ ከሎሚዋ 1 ሜትር ከ20 ርቃ የምትቀመጥ 1.1 ሴንቲ ሜትር ሽምብራ ናት። እዚያ ርቀት ላይ የሎሚዋ ሙሉ ጥላ ስፋት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ሽምብራዋ ግን እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። ጥላውን መሳቷ ሳይሆን ማግኘቷ ነው የሚገርመው። (በዚህ ልክ ፀሐይ 470 ሜትር ርቃ የምትቆም፣ ከ4 ሜትር በላይ ስፋት ያላት ኳስ ስለምትሆን ክፍል ውስጥ አትገባም።)

ግርዶሽ የሚሆነው በለ ሁኔታ ነው፦ ጨረቃ የመሬትን ምህዋር ወለል የምታቋርጥባቸው ሁለቱ መሻገሪያ ነጥቦች ከፀሐይ ጋር ሲሰለፉ። ይህ በየ173 ቀን ገደማ ይመጣል፤ ለግርዶሽ የሚመቸው ጊዜም ወደ 35 ቀን ይቆያል። 35 ቀን ከ29 ቀን ተኩል ስለሚበልጥ፣ ግርዶሾች ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ነጥቦቹ ራሳቸው ቀስ እያሉ ስለሚዞሩ ጊዜው በየዓመቱ 19 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ከ2:30 እስከ 3:52 ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በመሬት ጥላ ውስጥ ሆና ቀልታ ታየች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መስከረም 11 ቀን 2018 ኒው ዚላንድ አካባቢ ፀሐይ በከፊል ተጋረደች። ከዚያ በኋላ አምስት ሙሉ ጨረቃዎች ያለ ግርዶሽ አለፉ። ቀጣዩ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ የሆነው በስድስተኛው ላይ፣ የካቲት 24 ነው፤ እኛ ጋ ቀን ስለነበር ጨረቃ ከአድማስ በታች ነበረች።