የወባ የደም ምርመራ ውጤትዎ ከነማብራሪያው

የላብራቶሪ ቁጥር፦ 0417
ታካሚ፦ ወንድ፣ 46 ዓመት፣ 61 ኪሎ
ናሙና፦ ከጣት የተወሰደ ደም፣ ሰኞ ጠዋት 3:40
የታየው፦ ወፍራምና ስስ የደም ቅብ፣ በጊምሳ ቀለም
ውጤት፦ የወባ ተውሳክ ተገኝቷል
ዝርያ፦ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም
የታየው ደረጃ፦ ቀለበት መሰሉ (ትሮፎዞይት) እና ጋሜቶሳይት
የተውሳክ ብዛት፦ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 15,960 (አንደኛ አንባቢ 16,480፣ ሁለተኛ አንባቢ 15,440)
ጋሜቶሳይት ለብቻው፦ በአንድ ማይክሮ ሊትር 120
ሌላ ዝርያ፦ አልታየም

ከላይ ያለው ለሐኪሙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ነው። ደም ሲሰጡ የጠየቁኝን ሦስት ነገር አልረሳሁም፦ የድሮው ወባ ነው ወይ የተነሳብኝ፣ ስንት ፕላስ ነው፣ ቤት ያለውን ኪኒን ብውጠውስ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አይደለም፣ የድሮው አልተነሳብዎትም። ከሁለት ዓመት በፊት የያዘዎት ቫይቫክስ ነበር ብለውኛል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ እንደገና የሚነሳ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሁን ያየሁት ግን ፋልሲፓረም ነው፣ እሱ ደግሞ ጉበት ውስጥ እንደዚያ አይተኛም። አዲስ ትንኝ ነክሳ የሰጠችዎት አዲስ ወባ ነው ማለት ነው።

እንዴት ለየሁት? በስሱ ቅብ ላይ ቀይ የደም ሕዋሶች አንድ በአንድ ተዘርግተው ይታያሉ። የእርስዎ ላይ ተውሳክ ያለባቸው ሕዋሶች አላበጡም፣ መጠናቸው ከጤነኞቹ ጋር እኩል ነው። ውስጣቸው ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ፣ አንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ሦስት ቀለበት ይዟል፣ አንዳንዱ ቀለበት ደግሞ ሁለት ነጥብ ስላለው የጆሮ ማዳመጫ ይመስላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሙዝ የሚመስሉት ጋሜቶሳይቶች አሉ። ይህን ቅርጽ ያየ ሰው ዝርያውን አይከራከርም። ቫይቫክስ ቢሆን ሕዋሶቹ ተለቅ ብለው፣ ውስጣቸው ቀላ ባሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች ተሞልተው አያቸው ነበር። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜ ስላለ ፈልጌያለሁ፤ አላገኘሁም።

ቤት ያስቀመጡት ክሎሮኪን የማይሆነውም ለዚህ ነው። ፋልሲፓረም በአብዛኛው የዓለም ክፍል ክሎሮኪንን ለምዶታል። ኪኒኑን ወስደው ትኩሳቱ ቢበርድልዎት እንኳ ተውሳኩ ሥራውን ይቀጥላል። እባክዎ አይንኩት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 15,960 ሲባል ማንም ሰው መደንገጡ አይቀርም፣ ግን አቆጣጠሩን ካዩት ነገሩ ቀላል ነው። ተውሳኩንም ነጭ የደም ሕዋሱንም ጎን ለጎን እቆጥራለሁ። ነጭ ሕዋሱ 200 ሲሞላ አቆማለሁ። የእርስዎ ላይ 200 ነጭ ሕዋስ ስቆጥር 412 ተውሳክ ገጠመኝ። አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ በግምት 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ ተብሎ ስለሚያዝ፣ 412 ለ200 ተካፍሎ በ8,000 ሲባዛ 16,480 ይመጣል። ባልደረባዬ የእኔን ቁጥር ሳታይ ቆጥራ 386 አገኘች፣ ይህም 15,440 ነው። የሁለታችን አማካይ ነው ወረቀቱ ላይ ያለው። ልዩነታችን ከሩብ ቢበልጥ ኖሮ ሦስተኛ ሰው ይቆጥር ነበር።

8,000 ግምት ናት፣ አልደብቅዎትም። በሌላኛው የደም ምርመራዎ ነጭ ሕዋስዎ 5,200 ነው የወጣው፤ በዚያ ብናሰላው ቁጥሩ ወደ 10,374 ይወርዳል። ታዲያ ለምን በ8,000 ጻፍሽ ቢሉኝ፣ ሐሙስ የምናየውን ከዛሬው ጋር ማወዳደር የምንችለው መለኪያው አንድ ሲሆን ነው።

በቀይ ሕዋስ ከታየ ደግሞ፣ ማይክሮ ሊትሩ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋስ አለ ብንል፣ የተያዘው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ከሺው ሦስቱ እንደማለት። በፋልሲፓረም ብዛቱ ብቻውን ከባድ ወባ የሚያስብለው ከ10 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በጣም ሩቅ ነን። ግን እዚህ ላይ ተረጋግተው እንዳይተኙብኝ። ፋልሲፓረም ሲያድግ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከጣት በወሰድኩት ጠብታ ውስጥ አይመጣልኝም። ማይክሮስኮፕ ስር የቆጠርኩት የሚዘዋወረውን ነው፤ የተደበቀውን አልቆጠርኩም። ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የሚወድቅ ሰው አለ፣ ከፍተኛ ቁጥር ይዞ በእግሩ የሚሄድም አለ።

ፕላሱን ካነሱት፣ በዚያ አጻጻፍ አራት ፕላስ ይሆናል። ፕላስን አልወደውም። አራት ፕላስ ማለት በወፍራሙ ቅብ በአንድ እይታ ከ10 በላይ ተውሳክ ማለት ነው፤ 11ም ሆነ 300 ያው አራት ፕላስ ይባላል። ስለዚህ ሰው «ስንት ፕላስ ነው?» ሲልዎት ቁጥሩን ይንገሩት።

ለብቻው የጻፍኩት 120 ጋሜቶሳይት እርስዎን የሚያሳምም አይደለም። ትንኟ ከእርስዎ ጠጥታ ወደ ሌላ ሰው የምታስተላልፈው እሱን ነው። ዋናው መድኃኒት ቶሎ ስለማያጠፋው ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ፕሪማኪን ጨምሮልዎታል። እስኪሻልዎት አጎበር ውስጥ ይተኙ፣ ቤተሰብዎም እንደዚሁ።

መድኃኒቱ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ነው፣ በጠቅላላ 24 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ 4። የመጀመሪያውን ዛሬ 5 ሰዓት ላይ እዚሁ ውጠዋል። ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ማታ 1 ሰዓት ነው። ከዚያ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት። ባዶ ሆድ አይውሰዱት፣ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ሲኖር ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለስዎት ያንኑ መጠን ይድገሙት። ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ ሊጠፋ ይችላል፤ የቀረውን ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ብለው መሳቢያ ውስጥ እንዳይከቱት፣ ክሎሮኪኑም የተረፈው እንደዚያ ነው መሰለኝ።

የሚከተለው ከታየ ግን ሐሙስን አይጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን ይምጡ፦ የአእምሮ መደናገር ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መቀመጥ እስኪያቅት መድከም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት ጠቁሮ ቡና መምሰል። ይህን ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው፣ ምክንያቱም የተደናገረ ሰው መደናገሩን ራሱ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ለድጋሚ ስላይድ ይምጡ። ብዛቱ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ከዛሬው ሩብ፣ ማለትም 3,990፣ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነውና ሐኪሙ ይቀይርልዎታል። ሙዝ መሳዩ ጋሜቶሳይት ብቻ ቢቀር አይደንግጡ። በመካከሉ ሌላ ቦታ ሄደው በፈጣኑ ስትሪፕ አይመርመሩ፤ እሱ ከዳኑም በኋላ ለሳምንታት «አለ» ሊልዎት ይችላል። የመጨረሻው ስላይድ ከዛሬ በ28ኛው ቀን ነው፣ እሱም ሰኞ ላይ ይውላል። ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡ፣ ቁጥሩን ከጎኑ እጽፍልዎታለሁ።