ከግስ በኋላ ተሳቢና ኢንፊኒቲቭ፦ ለ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የመልመጃ ወረቀት

ይህ ወረቀት በጎንደር ከተማ ለሚማሩ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ «ዎንት»፣ «አላው»፣ «ሜክ» እና «ሌት» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ግሶች ሌላ ሰው የሚያደርገውን ነገር ለመግለጽ ሲገቡ ከኋላቸው የሚከተለውን አሰካክ ያለማምዳል። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር በሙሉ በፊደላችን የተጻፈው ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ነው። መልሱን ግን በደብተራችሁ በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉ፤ ስፔሊንጉን የተጠራጠረ መዝገበ ቃላት ይመልከት።

ማብራሪያ

በአማርኛ «እንዳነብ»፣ «እንድታነብ»፣ «እንዲያነብ» ስንል አንባቢው ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ኢንፊኒቲቭ ግን በማንም ቢነገር ስለማይለወጥ፣ አድራጊውን ከፊቱ ማስቀመጥ ግድ ነው፦ «አይ ዎንት ሂም ቱ ሪድ»፤ እንዲያነብ እፈልጋለሁ። መካከል ላይ የገባው «ሂም» ለ«ዎንት» ተሳቢ፣ ለ«ሪድ» ደግሞ አድራጊ ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቅርጹን የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ሥራ ስለሆነ «ሂ» ማለት አይቻልም። ከተማሪዎች ደብተር ላይ በብዛት የሚገኘው «አይ ዎንት ዛት ሂ ሪድስ» የሚለው ስሕተት የሚመጣው «እንዲ» የሚለውን ለብቻው ቆርጦ «ዛት» ብሎ ለመተርጎም ከመሞከር ነው።

«ዎንት»፣ «አላው»፣ «አስክ»፣ «ቴል»፣ «ቲች»፣ «አድቫይዝ» እና «ኤክስፔክት» ከተሳቢው በኋላ «ቱ» ይፈልጋሉ። «ሜክ» እና «ሌት» አይፈልጉም። «ሄልፕ» በሁለቱም መንገድ ይነገራል።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «ሜክ» ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ይህን ሐሳብ በአንድ አስደራጊ ግስ ጠቅልሎ ስለሚናገረው ነው። «አስለቀሰችኝ» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ «ሺ ሜድ ሚ ክራይ» ተብሎ በአራት ቃላት ይፈታል። ኃላፊ ጊዜውን «ሜድ» ስለተሸከመው የመጨረሻው ግስ «ክራይድ» አይሆንም። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ተደራጊ ሲዞር ግን የተተወው «ቱ» ተመልሶ ይመጣል፦ «ዊ ወር ሜድ ቱ ዌይት»፤ እንድንጠብቅ ተደረግን። «ሌት» በዚህ መንገድ ወደ ተደራጊ አይዞርም፤ ቦታውን ለ«አላው» ይለቃል፦ «ዊ ወር አላውድ ቱ ኤንተር»፤ እንድንገባ ተፈቀደልን።

ይሁን እንጂ አስደራጊ ግስ ባያችሁ ቁጥር ወደዚህ አሰካክ አትሩጡ። «እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠሩ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግንበኞቹ አልተጠሩም፤ ተሳቢው ተሠሪው ሕንፃ እንጂ ሠሪው ሰው አይደለም። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ሃድ ቁስቋም ቢልት» ይላል እንጂ «ሜድ ቁስቋም ቢልድ» አይልም፤ እንዲህ ከተባለ ቁስቋም ራሷ ግንበኛ ሆነች ማለት ነው። «ቀሚስ አሰፋሁ» እና «ጫማዬን አስጠገንኩ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

መልመጃ 1። ከተሰጡት ሁለት አማራጮች ትክክለኛውን ምረጡ።

1. ዘ ጋርድ ሌት አስ፣ «ኤንተር» ወይስ «ቱ ኤንተር»?
2. ማይ ፓረንትስ ዎንት ሚ፣ «ስተዲ» ወይስ «ቱ ስተዲ» ሜዲሲን አት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ?
3. ዘ ስሞክ ሜክስ ማይ ሲስተር፣ «ኮፍ» ወይስ «ቱ ኮፍ»?
4. አወር ቲቸር አላውድ፣ «ዊ» ወይስ «አስ»፣ ቱ ሊቭ ኧርሊ?

መልመጃ 2። ከሚከተሉት ውስጥ አንዱ ብቻ ትክክል ነው። እሱን ለዩና የቀሩትን አርሙ።

1. ማይ ማዘር ዎንትስ ዛት አይ ጎ ቱ ዘ ማርኬት።
2. ዘ ሬን ሜድ አስ ቱ ስታንድ አንደር ኤ ትሪ።
3. ዜይ አላውድ ዘ ቪዚተርስ ቱ ቴክ ፎቶስ።
4. ዊ ወር ሜድ ዌይት አውትሳይድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ።
5. ማይ ፋዘር ዲድ ኖት ሌት ሚ ዌንት ቱ አዘዞ አሎን።
6. ማይ ፍሬንድ ሰጀስትድ ሚ ቱ ቴክ ኤ ባጃጅ።

መልመጃ 3። ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሙ። ከመጻፋችሁ በፊት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ ለራሳችሁ ጠይቁ።

1. ታሪኩ አሳቀን።
2. አባቴ በባጃጅ እንድሄድ ፈቀደልኝ።
3. አስጎብኚው ግድግዳውን እንዳንነካ ነገረን።
4. መምህርቷ ግጥሙን ጮክ ብዬ አስነበበችኝ።
5. አያቴ ቡና ማፍላት አስተማረችኝ።
6. ጸጉሬን ተቆረጥኩ።

መልመጃ 4። የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች አንብባችሁ የትርጉም ልዩነታቸውን በአማርኛ ጻፉ፦ «ሺ ቶልድ ሂም ኖት ቱ ጎ» እና «ሺ ዲድ ኖት ቴል ሂም ቱ ጎ»። ቀጥሎም ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርዱ ቤተሰቦቻችሁ ምን እንደሚፈቅዱላችሁ፣ ምን እንደማይፈልጉና ምን እንደሚያሠሯችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ በመግቢያው የተጠቀሱት አራቱ ግሶች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ።

መልስ

መልመጃ 1፦ «ኤንተር»፤ «ቱ ስተዲ»፤ «ኮፍ»፤ «አስ»።

መልመጃ 2፦ ትክክለኛው ሦስተኛው ነው። አንደኛው «ዎንትስ ሚ ቱ ጎ» ይሆናል። ከሁለተኛው «ቱ» ይወጣል፤ በአራተኛው ደግሞ ተደራጊ ስለሆነ «ሜድ ቱ ዌይት» ተብሎ ይገባል። አምስተኛው «ሌት ሚ ጎ» ነው፤ ኃላፊ ጊዜው በ«ዲድ» ተነግሯልና። ስድስተኛውን ብዙዎች ትክክል ይመስላቸዋል። «ሰጀስት» ትርጉሙ ለ«አድቫይዝ» ቢቀርብም ተሳቢና ኢንፊኒቲቭ አያስከትልም፤ ስለዚህ «አድቫይዝድ ሚ ቱ ቴክ» ማለት ወይም «ሰጀስትድ ዛት አይ ቴክ» ብሎ «ዛት»ን መጠቀም ይገባል። ይኸኛው «ዛት» ትክክለኛ ቦታውን ያገኘበት ነው።

መልመጃ 3፦ አንደኛው «ዘ ስቶሪ ሜድ አስ ላፍ»። ሁለተኛው «ማይ ፋዘር አላውድ ሚ ቱ ጎ ባይ ባጃጅ» ወይም «ሌት ሚ ጎ ባይ ባጃጅ»፤ የመጀመሪያው ለጽሑፍ፣ ሁለተኛው ለንግግር ይቀናል። ሦስተኛው «ዘ ጋይድ ቶልድ አስ ኖት ቱ ተች ዘ ዎል»። አራተኛው «ዘ ቲቸር ሜድ ሚ ሪድ ዘ ፖኤም አላውድ»፤ የመጨረሻው ቃል ጮክ ብሎ ማለት ነው፤ ድምፁ ከ«ፈቀደ» ኃላፊ ጊዜ ጋር ቢመሳሰልም ስፔሊንጉ ሌላ ነው። አምስተኛው «ማይ ግራንድማዘር ቶት ሚ ቱ ሜክ ኮፊ»፤ እዚህ «ሜክ» ማዘጋጀት እንጂ ማስደረግ አይደለም። ስድስተኛው «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ሲሆን፣ ቆራጩ ስላልተጠራ ከቁስቋሙ ምሳሌ ጋር ይሄዳል።

መልመጃ 4፦ የመጀመሪያው «እንዳይሄድ ነገረችው» ነው፤ ክልከላ አለበት። ሁለተኛው «እንዲሄድ አልነገረችውም» ነው፤ ቢሄድም ትእዛዝ አልጣሰም፤ ቢቀርም እንደዚሁ። አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች ከጎናችሁ ከተቀመጠ ተማሪ ጋር ተለዋውጣችሁ፣ ከእያንዳንዱ «ሜክ» እና «ሌት» በኋላ «ቱ» አለመግባቱን፣ ተሳቢው «ሚ»፣ «አስ»፣ «ሂም»፣ «ኸር» ወይም «ዜም» መሆኑን አረጋግጡና አስረክቡ።