ስለ ቀሪው 42,000 ብር የክፍያ ሐሳብ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መኮንን፣

ነሐሴ 12 ቀን በዱቤ የወሰዱት 60 ቆርቆሮ፣ 12 ኩንታል ሲሚንቶና 5 ኪሎ ምስማር በድምሩ 64,000 ብር ነበር። 22,000 ከፍለው 42,000 ቀርቷል። መክፈያው መስከረም 30 ስለነበር ዝም ከማለት በአራት ጊዜ እንዲያጠናቅቁ ላቅርብልዎ ብዬ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 9,000 ብር፤ ከዚያ ታኅሣሥ 5፣ ጥር 5 እና የካቲት 5 እያንዳንዳቸው 11,000 ብር። 5ኛውን ቀን የመረጥኩት የቤት ኪራይዎን ወር እንደገባ ስለሚሰበስቡ ነው። ወለድም ሆነ ጭማሪ የለውም፤ ቀድመው ቢዘጉት ደግሞ ደስታዬ ነው።

በቴሌብርም በባንክም መላክ ይችላሉ። ብቻ በምክንያቱ ቦታ ላይ የዱቤ ቁጥርዎን 418 ይጻፉ። ልጆችዎ በራሳቸው ስም ሲልኩ ቁጥሩ ከሌለ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እርስዎ ከፍለው መዝገቡ ላይ ባለዕዳ ሆነው ይቆያሉ። በላኩ ቁጥር ቀሪውን ጽፌ ደረሰኝ እልክልዎታለሁ።

አንዱ ወር ከከበደዎት ከቀኑ በፊት ይደውሉልኝ፣ እናሸጋግረዋለን። ሳይነግሩኝ ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካለፈ ግን ቀሪውን በአንድ ጊዜ ለመጠየቅ እገደዳለሁ። እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ዕቃ በእጅ በእጅ ብቻ ነው፤ ይህን እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

ከተስማሙ «ተስማምቻለሁ» ብለው እስከ ቅዳሜ ይመልሱልኝ። ቀኑ ወይም መጠኑ ካልተመቸዎት የሚችሉትን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ሰላማዊት፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብሩ