የናሙና መጠንና የፓወር ስሌት፦ በጎንደርና አካባቢዋ ለሚካሄደው የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ፕሮግራም ሙከራ

በዚህ ጥናት ዕጣ የሚወጣው ለግለሰብ ሳይሆን ለቀበሌ ነው። የምክር አገልግሎቱን የሚሰጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የአንዱን ቀበሌ ቤት ሁሉ ስለሚያዳርሱ፣ ጎረቤታሞችም በቡናና በዕድር ስለሚገናኙ፣ አንዷን እናት በፕሮግራሙ አስገብቶ የግድግዳ ተጋሪዋን ከማነጻጸሪያው ቡድን ማድረግ አይቻልም። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሰዎች ውጤት ስለሚቀራረብም ስሌቱ ይህን መቁጠር አለበት።

ዋናው ውጤት ከ6 ወር በኋላ በፒኤችኪው-9 መጠይቅ የሚለካው የድባቴ ነጥብ ሲሆን፣ ልኬቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የ2 ነጥብ ልዩነት ለታማሚው ትርጉም አለው ብለን ወስነናል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 5፣ ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድላችንን ማለትም ፓወሩን 90 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን በሁለት አቅጣጫ 5 በመቶ አድርገናል። በየቀበሌው 20 ሰው እስከ መጨረሻው እንደሚለካ፣ የተሳታፊ ብዛት ከቀበሌ ቀበሌ የሚለያይበት መጠን ከአማካዩ አንጻር 0.3፣ በቀበሌ ውስጥ ያለው ተዛምዶም (አይሲሲ) 0.05 እንደሚሆን ገምተናል። ከታች n ዕጣው ለግለሰብ ቢወጣ በየቡድኑ የሚያስፈልገው ሰው፣ DE በቀበሌ ውስጥ ባለው ተዛምዶ ምክንያት ይህ ቁጥር የሚባዛበት፣ k ደግሞ በየቡድኑ የሚያስፈልገው የቀበሌ ብዛት ነው።

```
n  = 2 × (1.96 + 1.28)² × 5² ÷ 2² = 131.2 → 132
DE = 1 + [(1 + 0.3²) × 20 − 1] × 0.05 = 2.04
k  = 132 × 2.04 ÷ 20 = 13.5 → 14
```

የቀበሌዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ በየቡድኑ አንድ ቀበሌ ጨምረን 15 አድርገናል፤ በድምሩ 30 ቀበሌ ማለት ነው። ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ስለሚወርዱ ከተመዘገቡት 20 በመቶው በክትትል ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ከየቀበሌው 25፣ በጠቅላላው 750 ሰው እንመዘግባለን፤ የምንተነትነው 600 ይሆናል።

ብዙ የመከርንበት የአይሲሲው ግምት ነው፤ በነዚህ ቀበሌዎች የተለካ ቁጥር በእጃችን የለምና። በ28 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም ስናሰላው በ0.05 ፓወሩ 91 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 0.08 ቢያድግ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በየቀበሌው የሚለካውን ከ20 ወደ 30 ብናሳድግ ተጨማሪ 300 ሰው እንለካለን፤ ነገር ግን በየቡድኑ የሚገኘው እውነተኛ ትርፍ ከ15 ነጻ ሰው መረጃ አይበልጥም። የጎረቤት መልስ አብዛኛውን ይደግመዋልና። ገንዘብ ቢተርፍ ቀበሌ እንጂ ሰው እንዳይጨመር የምንጠይቀው ለዚህ ነው፤ መጠይቁን ለሚሞላ ሰው ያለፈ ሐዘኑን ማንሣት ቀላል ስላልሆነ፣ ለውጤቱ የማይረዳ ቃለ መጠይቅ ማብዛት ተገቢ አይደለም።

ዕጣው ከተማና ገጠር ተለይቶ ይወጣል፣ ትንተናውም የመነሻውን ነጥብ ያካትታል። ሁለቱም ፓወሩን ሊያሻሽሉ ቢችሉም በስሌቱ ውስጥ አልቆጠርናቸውም።