ለአዲሶቹ የሥራ ባልደረቦቼ፦ የመጀመሪያ ቀን ትውውቅ

እንደምን አደራችሁ? ሥራችሁን እንደያዛችሁ ስለሆነ ብዙ አላቆያችሁም።

ቤተልሔም እባላለሁ። ቤቲ በሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ በአካውንታንትነት አብሬያችሁ እሠራለሁ። የአቅራቢዎች ክፍያና የየወሩ የቫት ሪፖርት የእኔ ድርሻ ነው ተብያለሁ።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ይህን ስል ሁሉም ሰው ስለ ዓሣ ይጠይቀኛል፤ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ አሞራ ገደል ሄጄ ጥሬውን እበላለሁ። ሥራ የጀመርኩትም እዚያው ነው፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ነበርኩ። አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ጋ አራት ዓመት በሒሳብ ሠርቻለሁ። ፒችትሪ አይከብደኝም። መድኃኒት ግን ለእኔ አዲስ ነው። የአርማታ ብረት ጊዜው አያልፍበትም፤ የእናንተ ዕቃ ያልፍበታል። የስቶር ልጆች፣ በጥያቄ ላስቸግራችሁ ነውና ከወዲሁ ይቅርታ።

የመጣሁት ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ 30 ምን ማለት እንደሆነ ለሒሳብ ሰው አይነገርም። ቆጠራው እየደረሰ አዲስ ሰው ማስተማር እንደሚከብድ ይገባኛል። ስለዚህ ጥያቄዎቼን በማስታወሻ እየያዝኩ ከምሳ በኋላ አንድ ላይ እጠይቃለሁ። ክፍያ የሚያስቆም ነገር ካየሁ ግን ምሳ አልጠብቅም።

አንድ ፀባይ አለኝ፤ ኋላ እንዳንቀያየም አሁኑኑ ልናገረው። ደረሰኝ ካልተሟላ አልፈርምም። ለቅርብ ጓደኛዬም ቢሆን። ክፍያ ሲዘገይ አቅራቢው የሚጮኸው እናንተ ላይ እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ስለዚህ የጎደለውን በዚያው ቀን እነግራችኋለሁ እንጂ ወረቀታችሁን ጠረጴዛዬ ላይ አላሳድርም።

በዕድሜ የምትበልጡኝን አንቱ ማለቴ አይቀርም። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። እኔን ግን አንቺ በሉኝ። ‹እርስዎ› ስባል ኦዲተር የሆንኩ ይመስለኛል።

የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለችኝ። ከሥራ እንደወጣሁ ከሕፃናት ማቆያ የምወስዳት እኔ ነኝ። ማምሸት ያለብን ቀን ካለ ጠዋት ላይ ንገሩኝ፤ እህቴ ትወስድልኛለች። በመዝጊያ ሰሞን እንደማመሽማ አውቄ ነው የመጣሁት።

ቡና ሲፈላም ጥሩኝ። ሥራ ይዣለሁ ብልም ደግማችሁ ጥሩኝ።

ስማችሁን ባንዴ አልይዝ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብጠይቃችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ። አሁን በየጠረጴዛችሁ እየመጣሁ እተዋወቃችኋለሁ። ከካሸሯ ልጀምር፤ ገንዘቡ ያለው እሷ ጋ ነው።