ዲቴክተሩን ተዉት፣ ረቂቃችሁን አምጡ

ልጆች፣ እስቲ ስልኩን አስቀምጡና ስሙኝ። ስለ ጅማ ቡና የጻፋችሁትን ወረቀት ከመመለሴ በፊት የምንነጋገረው ነገር አለ።

በቴሌግራም ግሩፓችሁ ምን እየተባባላችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቻት ጂፒቲ ይጽፋል፣ ሌላ አፕ ቃላቱን እየቀያየረ የሰው ያስመስለዋል፣ ከዚያ ጽሑፉ የሰው ነው የማሽን ብሎ በሚለይ ዲቴክተር ላይ ይሞከራል። አልፎ ከሆነ ይላካል፣ ካላለፈ እንደገና ይበጠበጣል። ለዚህ ፓኬጅ ገዝታችሁ ሌሊቱን ታጋምሳላችሁ። በዚያ ሰዓት እኮ ወረቀቱ ሁለቴ ይጻፍ ነበር!

አልተቆጣሁም። ግን ግልጽ እንሁን።

ዲቴክተሩን እኔም አላምነውም። ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ይገምታል እንጂ። የሚቀጥለው ቃል በቀላሉ የሚገመት ከሆነና ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ «የማሽን ነው» ወደማለቱ ያደላል። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ዲቴክተር አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ከማሽን ጽሑፎች ለይቶ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው፣ ሰዎች ከጻፉት ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ነው ብሏል። በጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብለው አነሱት። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት ዲቴክተሮች ፈተሹ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማሽን ተብለው ተፈረጁ። ይሄ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ቤት ኦሮምኛ፣ ሰፈር አማርኛ እየተናገራችሁ እንግሊዝኛውን በምታውቋቸው ጥቂት ቃላት ነው የምትጽፉት፣ እና ቃላችሁ ቀላል ስለሆነ ብቻ ልትጠረጠሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ በዲቴክተር ውጤት ብቻ ማርክ አልቀንስም። ማንም ቢጠረጥራችሁ ደግሞ የሚያድናችሁ ዜሮ ፐርሰንት የሚል ስክሪንሾት ሳይሆን የተሰረዘና የተደለዘ ረቂቃችሁ ነው።

ይሄ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ዋናውን ላሳያችሁ።

አንዷ ልጃችን ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም። የመጀመሪያ ረቂቋ «ቡና ለጅማ ሕዝብ በጣም ጠቃሚ ነው» ይላል። ማንም ሊጽፈው ይችላል። ጎኑ ላይ «ማን ነገረሽ?» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለተኛው ላይ አጎቷ መጡ፣ አጋሮ ቡና የሚያደርቁት። ጀንፈሉን በእፍኛቸው ዘግነው ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል፣ ፍሬው ውስጡ ካንኳኳ ደርቋል፣ ዝም ካለ ገና ነው። ሦስተኛው ላይ ያንን ሙሉ አንቀጽ ሰርዛ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፈች፦ ታዲያ እርጥቡን ቶሎ ቢሸጡትስ ምን ይሆናል? መልሱን አታውቅም ነበር። ደውላ ጠየቀች፣ ተከምሮ ሲቆይ ይሻግታል አሏት፣ እና ወረቀቷ ዋጋ ለምን እንደሚወርድ የሚያስረዳ ወረቀት ሆነ። ሰዋስዋ ተሳስቷል፣ አርመዋለሁ። ግን እዩት፣ ያ ጥያቄ የመጣው ስትጽፍ ነው። ሳትጽፍ በፊት አልነበረም፣ ማሽን ቢጽፍላት ኖሮም አይመጣባትም ነበር።

ሌላው ወረቀት ደግሞ እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ምን ለማለት እንደፈለገ ልጁን ስጠይቀው ወረቀቱ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም። አዘንኩለት፣ ከልቤ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ያ ልጅ ክፍል ውስጥ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ስለ አባቱ ሱቅ ሲያወራ ሁላችንም እንሰማዋለን፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ነገ ዲቴክተሩ ፍጹም ቢሆን ወይም ጭራሽ ቢጠፋ ለእናንተ የሚለወጥ ነገር የለም። ወይ አስባችሁበታል፣ ወይ አላሰባችሁበትም።

መሣሪያውን አትንኩ አላልኩም። የቃል ትርጉም ጠይቁት፣ ለምን ይሄ ግስ እዚህ ገባ በሉት። ከዚያ በምን እንደረዳችሁ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ጻፉልኝ። ይህን በመጻፉ ማርክ የሚቀነስበት ሰው የለም።

እንግዲህ ከ20ው ማርክ 12ቱ የረቂቅ ነው። በእጅ የጻፋችሁ ወረቀቱን እንዳለ አምጡ፣ ገልብጣችሁ አታሳምሩት። ጎግል ዶክስ ላይ የጻፋችሁ የለውጥ ታሪኩን ከፍታችሁ ታሳዩኛላችሁ። ኮምፒውተር የሌላችሁ አትጨነቁ፣ ደብተር ይበቃል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጀምራችሁ ወደ እንግሊዝኛ ብታመጡትም ደስ ይለኛል፣ እሱም ረቂቅ ነው። ሐሙስ በየተራ እየጠራሁ አንድ መስመር መርጬ ከየት እንዳመጣችሁት እጠይቃለሁ። ያስረከባችሁት ወረቀት የእናንተ ያልሆነ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ንገሩኝ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም፣ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በሉ አሁን ከፊት ያላችሁ ወረቀቶቹን አድሉልኝ።